ገጽ 97 ላይ የተቀበረው ውኃ

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ስደጋግመው የኖርኩትን አንድ ምክር ዛሬ በአደባባይ መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ። "ዋናውን ነገር ቶሎ አታውጡት" እል ነበር። "አንባቢው ይከተላችሁ፣ ይጓጓ፣ ወርቁን ከሰሙ ስር ፈልጎ ያግኘው።" ለአጭር ልቦለድ ምክሩ ክፉ አይደለም። ጉዱ የመጣው እነዚያ ልጆች ተመርቀው ደራሲ ሳይሆን ባለሙያ ሲሆኑ ነው። አብዛኞቹ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ተቀምጠው ሪፖርት ይጽፋሉ። ከሪፖርቱ ፊት ደግሞ "ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ" የምትባል አንድ ሁለት ገጽ አለች፤ አለቆች እሷን ብቻ አንብበው የሚወስኑባት። ልጆቼ እዚያችም ላይ ወርቁን ይቀብሩታል።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ በቅርቡ ቤቴ መጣች። ወፍራም ሪፖርት ታቅፋለች። "ጋሼ፣ ማጠቃለያዋን ብቻ ቋንቋዋን እይልኝ" አለችኝ። ሪፖርቱ 136 ገጽ ነው። ጉዳዩ በሦስት ወረዳዎች ስለተተከሉ የእጅ ውኃ ፓምፖች ነው። (መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ቁጥሮቹንም ቀያይሬያቸዋለሁ። ማንም "እኔን ነው" ብሎ እንዳይነሳብኝ።) ማጠቃለያዋ አንድ ገጽ ተኩል ነበረች፤ ቋንቋዋም እንከን የለውም። የመጀመሪያው አንቀጽ ንጹሕ ውኃ ለሰው ልጅ ስላለው ጠቀሜታ ያትታል። ሁለተኛው የጥናቱን ዓላማ፣ ሦስተኛውና አራተኛው መጠይቁ እንዴት እንደተዘጋጀና ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ ይገልጻሉ። አምስተኛው ፕሮጀክቱ "አበረታች ውጤት" ማስመዝገቡን፣ ሆኖም "ከጥገና ጋር በተያያዘ አንዳንድ ክፍተቶች" መታየታቸውን ያበስራል። የመጨረሻው "ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን ርብርብ እንዲያደርጉ" ይጠይቃል።

አንብቤ ስጨርስ ስለ ፓምፖቹ ያወቅሁት ነገር አልነበረም። "ለመሆኑ ስንቱ ይሠራል?" አልኳት። ገጹን ገለበጠች፣ ገለበጠች፣ ገለበጠች። ገጽ 97 ላይ ቆመች። እዚያ አንዲት ሰንጠረዥ አለች። ከጎበኟቸው 80 ፓምፖች 31ዱ በጎበኟቸው ቀን ውኃ አይሰጡም ነበር። ከ31ዱ 22ቱ የቆሙት የውስጥ ላስቲካቸውና መሰል ዕቃቸው አልቆ ነው።

"አንዳንድ ክፍተቶች" ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። በ31 መንደር ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ ተመልሰዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊዎች ደግሞ በሚቀጥለው ወር ተሰብስበው 40 አዲስ ጉድጓድ ስለማስቆፈር ሊወስኑ ነው። በእጃቸው የምትገባው ያቺ ገጽ ተኩል ናት።

እዚህ ላይ የማውቀው ክርክር ይነሳል። "አለቆች ለምን አያነቡም? ሰነፎች ስለሆኑ ነው እንጂ ገጽ 97 እኮ ተከፍቶላቸው ነበር።" እኔም ድሮ እንዲሁ እል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኖረ ሰው ያልተነበበ ገጽ ሁሉ የአንባቢው ኃጢአት ይመስለዋል። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አንድ የበላይ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ሪፖርት ከአንድ በላይ ይከመራል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ላንብብ ካለ ሌላ ሥራ አይሠራም። ማጠቃለያዋ የተፈጠረችውም ለዚህ ነው፤ ሪፖርቱን ለማያነብ ሰው። ሪፖርቱን ለሚያነብ ሰውማ ምን ታደርግለታለች? ስለዚህ ገጽ 97 ላይ ያለና ማጠቃለያዋ ላይ የሌለ ነገር ለዚያ ስብሰባ ጭራሽ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ስሙም ሳይሆን አይቀርም ያሳሳተን። በአማርኛችን "ማጠቃለያ" ስንል የነገር መጨረሻ ይታየናል፤ የድርሰት መደምደሚያ፣ የስብሰባ መዝጊያ ንግግር። እናም ጸሐፊው ደክሞት፣ ሪፖርቱን አስረክቦ ሊገላገል ሲል፣ የተጻፈውን መለስ ብሎ ያሳጥረዋል። እኔ በበኩሌ "የአለቃ ገጽ" ብላት ይሻላል እላለሁ። ለማን እንደምትጻፍ ቢያንስ ስሟ ይናገራል።

ማሳጠር ነው እንግዲህ ዋናው በሽታ። ልጅቷን እንዴት እንደጻፈችው ጠየቅኋት። ከየምዕራፉ የመጀመሪያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታ አገጣጥማቸዋለች። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ሪፖርት ውስጥ ገጽ የሚከፋፈለው በድካም ልክ እንጂ በጉዳዩ ክብደት ልክ አይደለም። ስለ ናሙና አመራረጥ 30 ገጽ የተጻፈው ሥራው ከባድ ስለነበረ ነው። የቆሙት ፓምፖች አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ያገኙት መቁጠሩ ቀላል ስለነበረ ነው። ሪፖርቱን በእኩል መጠን ስታሳጥረው ናሙናው ሁለት አንቀጽ ሆኖ ይተርፋል፤ 31ዱ ፓምፖች ግን "አንዳንድ ክፍተቶች" ሆነው ይተናሉ። ማንም ሆን ብሎ አልደበቃቸውም። ማሳጠሩ ራሱ ዋጣቸው።

ሪፖርቱን ከእጇ ወስጄ ከሶፋው ጀርባ አስቀመጥኩት። "አሁን ያንቺ ትልቁ ኃላፊ መኪናቸው ውስጥ እየገቡ ነው እንበል። አንድ እግራቸው ገብቷል። 'ልጄ፣ ሦስት ወር ገጠር ስትዞሩ ከርማችሁ ምን አገኛችሁ?' አሉሽ። ምን ትያቸዋለሽ?" አልኳት።

አላመነታችም። "ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ ላስቲክ ግዙ ነዋ!"

ይኸው! 136 ገጽ ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ዓረፍተ ነገር በምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ልጅቷ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ መጻፍ ስትጀምር የሚናገረው አፏ ተዘግቶ የመሥሪያ ቤቱ አፍ ስለተከፈተ ነው። እርግጥ "ላስቲክ ግዙ" ተብሎ ለበላይ አካል አይጻፍም። ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ነው መነሳት ያለባት፤ ከንጹሕ ውኃ ጠቀሜታ አይደለም። እሱንማ ኃላፊው ቢክዱት ኖሮ መጀመሪያውኑ እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራሉ?

ሁለታችንም ቁጭ አልን። ቡና ተፈላ። ሁለት ሰዓት ያህል ከፈጀብን በኋላ የወጣው ጽሑፍ ይህ ነው፦

"በሦስቱ ወረዳዎች ከጎበኘናቸው 80 የእጅ ፓምፖች 31ዱ በጎበኘንበት ቀን ውኃ አይሰጡም ነበር። ከእነዚህ 22ቱን ያቆማቸው የላስቲክ ማሸጊያና መሰል የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ዕቃው በወረዳዎቹ ከተሞች አይሸጥም። የ6ቱ ጉድጓድ ደርቋል። የ3ቱን ምክንያት ማወቅ አልቻልንም። ለሚመጣው ዓመት 40 አዲስ ጉድጓድ ለማስቆፈር ታቅዷል። እኛ የምንጠይቀው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በሦስቱም የወረዳ ከተሞች የመለዋወጫ መሸጫ እንዲከፈትና 22ቱ ፓምፖች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲጠገኑ ነው። ይህ ካልተደረገ አዲሶቹም ፓምፖች በተመሳሳይ ምክንያት ይቆማሉ ብለን እንሰጋለን። ጉብኝቱ የተካሄደው በግንቦት፣ በደረቁ ወቅት መጨረሻ ስለሆነ፣ ከደረቁት 6 ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከክረምት በኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። መኪና የማይደርስባቸውን 9 ፓምፖች አላየንም፤ ስለዚህ አጠቃላይ ሁኔታው እዚህ ከተገለጸው የከፋ ሊሆን ይችላል።"

ሌላ ግማሽ ገጽ የሚሆን ማብራሪያ ተጨምሮበታል፤ አጥንቱ ግን ይኸው ነው። ናሙና አመራረጡ የት ሄደ? የሄደው ወደ ሁለቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሮች ነው። ለኃላፊው ውሳኔ የሚጠቅመው መቼ ሄዳችሁ፣ የትኞቹን ሳታዩ ቀራችሁ የሚለው ብቻ ነው። መጠይቁ ስንት ጥያቄ እንደነበረው ሪፖርቱ ውስጥ ይቀመጥ።

ላስቲኩን በተመለከተ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በየገጠሩ የምናየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ገና ሲነደፍ መንደርተኛው ራሱ፣ በቀላል መፍቻ፣ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ውስጡ የሚገቡት ላስቲኮች እያለቁ የሚቀየሩ ናቸው፤ ማለቃቸው የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። እንደ መኪና ፍሬን ሸራ ቁጠሩት። ፓምፑን ተክሎ ላስቲኩ የሚሸጥበትን ሱቅ አለማሰብ ማለት ሸራ የማይሸጥበት አገር መኪና እንደ መስጠት ነው። ይህን ኃላፊው በሁለት ዓረፍተ ነገር መረዳት ይችላሉ፤ "የቅድመ መከላከል ጥገና ሥርዓት ያለመጎልበት" ከሚለው ግን ፈጽሞ አይረዱትም። እኔም አልተረዳሁትም ነበር።

ገጹ ካለቀ በኋላ አንድ አሰልቺ ሥራ ቀረን። በእርሳስ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ከየትኛው የሪፖርቱ ገጽ እንደመጣ ጻፍንበት። እዚህ ላይ ነው ጉድ የታየው። የድሮዋ ማጠቃለያ የተጎበኙትን ፓምፖች 78 ትላለች፤ ሰንጠረዡ 80 ይላል። ማጠቃለያዋ የተጻፈችው ቀደም ካለው ረቂቅ ላይ ነበር፤ በኋላ ሁለት ፓምፖች ሲጨመሩ የነካት ሰው የለም። እንዲህ ያለች ስሕተት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ሐሳቡን ያልወደደ አንድ ሰው ስብሰባው ላይ "ቆይ፣ 78 ነው 80?" ካለ የቀረው ሰዓት በዚያ ያልቃል፤ ላስቲኩን የሚያነሳው አይኖርም። "ሰንጠረዥ 4.3ን ይመልከቱ" የሚለውንም፣ ያልተፈቱትን አሕጽሮተ ቃላትም ያወጣናቸው በዚያችው እርሳስ ነው። ገጿ ብቻዋን ተገንጥላ በፋክስም ሆነ በስልክ ፎቶ ብትላክ፣ ያልጎደላት ሆና መነበብ አለባት።

ልጅቷ ገጹን ይዛ ሄደች፤ እኔም ኮራሁ። ከሳምንት በኋላ ደወለች። የቅርብ አለቃዋ አይቶት "ትንሽ አስተካክሎታል"። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነካው። "31ዱ ውኃ አይሰጡም ነበር" የሚለውን "49ኙ፣ ማለትም ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛሉ" አድርጎታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ "ጥናቱን ያደክማሉ" ብሎ ሰርዟቸዋል።

አስተውሉልኝ፤ ሰውየው አልዋሸም። 49 እና 31 ሲደመሩ 80 ናቸው። ግን 61 በመቶ በእኛ አገር የማለፊያ ውጤት ነው፤ ኃላፊው "አልፈናል" ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራሉ። እውነት ወደ ላይ በወጣች ቁጥር እንዲህ ነው የምትለሰልሰው። ባለሙያው ያየውን ይጽፋል፣ የቡድን መሪው ያሳምረዋል፣ የክፍል ኃላፊው ያበረታታዋል፤ ሚኒስትር ዘንድ ሲደርስ ፓምፑ ሁሉ ውኃ ይተፋል። እያንዳንዱ የጨመረው አንዲት የማር ጠብታ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ግን የጥርጣሬዎቹ መሰረዝ ነው። "ጥናቱን ያደክማሉ" የሚለው አስተሳሰብ ዘመናዊ ይመስላል፤ አለቃ እርግጠኛ ነገር ይወዳል የሚል። ይህ አስተሳሰብ የሚያስከፍለውን ለማሳየት ከአገሬ ልውጣና፣ በጽሑፍ የተመዘገበ፣ ዓለም የመረመረው ነገር ልጥቀስ።

እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ተነሳች። ከተነሳች 82 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የአረፋ ቁራጭ ተገንጥሎ ግራ ክንፏን መታት። መንኮራኩሯ ሰማይ ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን አሰሉ፤ ውጤቱንም ለሥራ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ስላይድ መሆኑ አያሳስተን፤ ሥራው የአለቃ ገጽ ሥራ ነው። ብዙ ስሌት ያላየ ሰው እሱን አይቶ ይወስናል። ከስላይዶቹ የአንደኛው ርዕስ፣ በግርድፉ፣ የሙከራ ውጤቶቹ ስሌቱ ከአደጋ በኩል ያደላና ጥንቃቄ የተሞላበት መሆኑን ያሳያሉ የሚል ዓይነት ነበር። የሚያጽናና ርዕስ ነው። ከዚያ በታች ነጥብ፣ ከነጥቡ ስር ንዑስ ነጥብ፣ ከንዑሱም ስር ሌላ። በመጨረሻ፣ ግርጌ ላይ፣ የመታው አረፋ መጠን 1920 ኩብ ኢንች እንደሆነ፣ ሙከራው የተደረገበት ቁራጭ ግን 3 ኩብ ኢንች እንደነበር ተጽፏል።

በእኛ መስፈሪያ እንስፈረው። 3 ኩብ ኢንች አንድ የቡና ሲኒ በቅጡ አይሞላም። 1920 ኩብ ኢንች ትልቁን የውኃ ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል። በሲኒ የሞከሩትን ነው ለጀሪካን ያዋሉት፤ 640 እጥፍ ነው። ይህ ማለት "ምን እንደሚሆን አናውቅም" ማለት ነው፤ ርዕስ መሆን የነበረበትም እሱ ነበር። መሐንዲሶቹ ጥርጣሬውን ጽፈውታል፤ አልደበቁም። የጻፉት ግን ሰው ዓይኑ በሚደክምበት ቦታ ነው። የካቲት 1 ቀን መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ስላይድ አንስቶ፣ አንድ የበላይ ኃላፊ ይህን አንብቦ የሕይወት አደጋ እንዳለ ሳይገባው ቢቀር አያስገርምም የሚል ትርጉም ያለው ሐሳብ አሰፈረ። አደጋውን ያመጣው ስላይዱ ብቻ አይደለም፤ ቦርዱም እንዲያ አላለም። የመሥሪያ ቤቱ ልማድ፣ የክንፏ ፎቶ ከሳተላይት እንዲነሳ የቀረበው ጥያቄ ሳይፈጸም መቅረቱ፣ ሌላም ሌላም አለበት። ቢሆንም ጥርጣሬ በገጹ ላይ ያለው ቦታ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወደ ፓምፖቻችን ልመለስ። "9 ፓምፖች አላየንም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥናቱን ያደክማል የሚለው ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው ያየው። መኪና የማይደርስበት መንደር ላስቲክም አይደርስበትም። ያልታዩት ዘጠኙ ከታዩት የባሱ እንደሚሆኑ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩ ሲሰረዝ ኃላፊው 31 ቁጥርን የመጨረሻው ጣሪያ አድርገው ይወስዱታል፤ እሱ ግን ወለሉ ሊሆን ይችላል።

ልጅቷን "ተጣይ" አልኳት። አልተጣላችም፤ ከእኔ ይልቅ ብልህ ናት። ለአለቃዋ "እሺ፣ 49ኙም ይግባ፣ ግን 31ዱ አጠገቡ ይቁም፤ ኃላፊው ራሳቸው ቢቀንሱ እናፍራለን" አለችው። ማፈር ሲነሳ ተስማማ። ሁለቱ ጥርጣሬዎችም፣ "ኋላ ስትጠየቅ ጽፌ ነበር ትላለህ" ስትለው፣ ተመለሱ። ገጹ ላይኛው ቢሮ ገባ።

ከስብሰባው በኋላ እንደገና ደወለች። ድምጿ ውስጥ ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ ገጹ ተመልሷል። ትልቁ ኃላፊ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ብቻ ጽፈውበታል።"

"ምን አሉ?"

"'ላስቲኩ ስንት ነው?'"

ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ቡና እየጠጣን፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ እየተቆጣጠርኩ፣ ዋጋውን ሳንጽፈው ቀርተናል። ሪፖርቱ ውስጥ አለ። ገጽ 104 ላይ።